ማስተርስ ውጭ አገር ወይስ መጀመሪያ ሥራ? ለአዲስ ተመራቂ የንጽጽር መመሪያ

የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው በቀጥታ ውጭ አገር ማስተርስ ይቀጥል ወይስ አገር ቤት ጥቂት ዓመት ይሥራ? ጥያቄው ሲነሳ አንዱ «ትምህርቱ ሳይበርድብህ ሂድ» ይላል፤ ሌላው «መጀመሪያ ሥራ ቅመስ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሰውየው ጠባይ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስነው ጠባይ አይደለም። የሚወስነው ትምህርቱን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ከፋዩ አራት ዓይነት ነው፦ የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ስኮላርሽፕ፣ ልምድ የማይጠይቅ ስኮላርሽፕ፣ ለጥናት የሚከፈል የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ፣ ወይም የራስ ኪስ። መልሱ ለአራቱም አንድ አይደለም። ከፋዩን ሳይለዩ «ልሂድ ወይስ ልሥራ» ብሎ መጨነቅ ያልተሰፋ ልብስ ቁልፍ እንደ መምረጥ ነው።

አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ያልቃል

ሙሉ ወጪ ከሚሸፍኑት ትልልቅ ስኮላርሽፖች መካከል ብዙዎቹ የሥራ ልምድን እንደ ተጨማሪ ነጥብ አያዩትም። የመግቢያ በር ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው 70 ሳምንት ማለት ነው። የስዊድን ኢንስቲትዩት ለባለሙያዎች የሚሰጠው ስኮላርሽፕ 3,000 ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ 75 ሳምንት ይሆናል። የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳአድ ከልማት ጋር ለተያያዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች የሚሰጠው፣ ኢፖስ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው፣ ከዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። የጃፓን መንግሥትና የዓለም ባንክ በጋራ የሚሰጡት ሦስት ዓመት ይጠይቃል።

አመልካቹ ላይ ሁለት ሰዓቶች ይቆጥራሉ። ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እየሠሩ በሄዱ ቁጥር ይሞላል። ሁለተኛው ሰዓት ግን በዚያው ፍጥነት እያለቀ ይሄዳል፣ ብዙ አመልካች የሚረሳውም እሱን ነው። ኢፖስ የመጨረሻው ዲግሪ ከስድስት ዓመት በላይ እንዲያስቆጥር አይፈቅድም። የዓለም ባንኩ ሦስት ዓመት ልምድ ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ የተገኘ መሆን አለበት። የቻይናና የጃፓን መንግሥታት ስኮላርሽፖች ለማስተርስ አመልካቾች የ35 ዓመት የዕድሜ ጣሪያ አላቸው። የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ደግሞ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ በተመረቁ ሰሞን «ይያዝልኝ» ብሎ ተፈትኖ ከሦስት ዓመት በኋላ ለማመልከት ማሰብ ገንዘብ ማባከን ነው። ከሁሉም ቀስ ብሎ የሚያልቀው የመምህር ትዝታ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ በደንብ ያውቅዎት የነበረ መምህር ከአምስት ዓመት በኋላ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ከትራንስክሪፕቱ የተቀዳ ያህል ደረቅ ይሆናል።

ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው በመካከላቸው አንድ ክፍት መስኮት ይታያል። የሚከፈተው ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን ነው፤ አምስተኛው ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ መጥበብ ይጀምራል። «ጥቂት ዓመት ሥራ» ሲባል ስንት ነው ለሚለው መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት ተኩል አካባቢ ሲሆኑ ማመልከት መጀመር፣ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ለመሄድ ማለም። ስምንት ዓመት ሠርቶ ማመልከት የሚከለክል ሕግ የለም፤ ግን በሮቹ ይቀንሳሉ።

ሰዓቱ በቁጥር ሲሰላ

አንዲት የውኃ ምህንድስና ተመራቂ እናስብ። የተመረቀችው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ነው፤ በቋሚነት ሥራ የጀመረችው ኦክቶበር 3 ቀን 2022፣ በሳምንት 40 ሰዓት። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቼቭኒንግ ማመልከቻ መቀበል የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት ነው፤ የሚዘጋበት ቀን ግን ከዓመት ዓመት ይለያያል። በኦክቶበር 2023 ያላት 52 ሳምንት፣ ማለትም 2,080 ሰዓት ነው። 720 ሰዓት ይጎድላታል። «ለትንሽ ነው» ብላ ብታመለክት ቅጹ ላይ ሰዓቱ ሲደመር በቂ ስለማይሆን ማንም ድርሰቷን ሳያነብ ውድቅ ይሆናል። ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

የስዊድኑ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በፌብሩዋሪ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 አጋማሽ 71 ሳምንት ሠርታለች፤ 2,840 ሰዓት። የቀራት 160 ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ጉድለት ከዓመት በፊት ብታውቀው ኖሮ በየቅዳሜው አራት ሰዓት በአንድ የሲቪል ማኅበር በበጎ ፈቃድ በማገልገል በ40 ሳምንት ትሞላው ነበር፤ የስዊድኑ ስኮላርሽፕ የትርፍ ጊዜና የበጎ ፈቃድ ሥራንም ይቆጥራልና፤ ማስረጃ እስካለው ድረስ። ሰዓቱን ብትሞላም ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ለስኮላርሽፑ ከማመልከቷ በፊት፣ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ፣ ለማስተርስ ፕሮግራሙ ራሱ በስዊድን ማዕከላዊ የመግቢያ ሥርዓት በኩል አመልክታ መሆን አለበት። በፌብሩዋሪ «ስኮላርሽፕ ተከፈተ» ሲባል ሰምቶ የሚነሳ ሰው አንድ ወር ዘግይቷል።

ኢፖስ ደግሞ የማመልከቻ ጊዜው እንደየፕሮግራሙ ይለያያል። አንዱ በኦገስት ይዘጋል፣ ሌላው በኦክቶበር መጨረሻ። በ2024 የኦገስቱን ብትመርጥ 22 ወር ብቻ ስላላት ትወድቃለች፤ የኦክቶበር መጨረሻውን ብትመርጥ ግን ሁለት ዓመቷን ደፍናለች። ተመሳሳይ ሰው፣ ተመሳሳይ ዓመት፤ ልዩነቱ የመዝጊያ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመቷ የሚያበቃው በጁላይ 2028 ስለሆነ በ2025፣ በ2026 እና በ2027 ሦስት ሙሉ ዙር ይቀራታል።

የዓለም ባንኩን ሦስት ዓመት የምትሞላው በኦክቶበር 2025 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ይህ ስኮላርሽፕ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አመልካቹ በሚያመለክትበት ጊዜም በሙሉ ጊዜ ደመወዝተኛ ሥራ ላይ እንዲሆን ይፈልጋል። «ለፈተናና ለማመልከቻ ጊዜ ልውሰድ» ብሎ ሥራ የለቀቀ ሰው በገዛ እጁ በሩን ዘጋ።

ስሌቱን ለራስዎ ሲሠሩ ሦስት ቀኖች ይበቁዎታል፤ ዲግሪው ላይ የተጻፈው ቀን፣ ሥራ የጀመሩበት ቀን እና የመዝጊያው ቀን። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚሻሻልና ለየትኞቹ አገሮች ዜጎች ክፍት እንደሆነ ስለሚለያይ የዘንድሮውን ጥሪ ከራሱ ገጽ ያንብቡ፤ ከአምናው ማስታወቂያ የተቀዳ መረጃ የብዙዎችን ዓመት በልቷል።

ልምዱ ኖሮ ደብዳቤው ሲከዳ

ልምድ ማለት ያሳለፉት ጊዜ ሳይሆን የሚያሳዩት ወረቀት ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

«ባለጉዳይዋ በድርጅታችን ከ2022 ጀምሮ በመሐንዲስነት በትጋትና በታማኝነት እያገለገሉ ይገኛሉ። ይህ ደብዳቤ በጥያቄያቸው መሠረት ተሰጥቷቸዋል።»

ይህ ለባንክ ብድር ይበቃ ይሆናል። ለስኮላርሽፕ ገምጋሚ ግን ባዶ ነው። ከ2022 የትኛው ወር ጀምሮ? ጃንዋሪ ከሆነና ዲሴምበር ከሆነ የሚለያየው አሥራ አንድ ወር ነው፤ ገምጋሚው ደግሞ በጥርጣሬ ሲቆጥር ትንሹን ነው የሚወስደው። ሙሉ ጊዜ ነው ወይስ ግማሽ? «መሐንዲስ» ሆና ምን ትሠራ ነበር? «በትጋትና በታማኝነት» የሚለው ምንም አይጨምርም።

የሚሠራው ደብዳቤ ቃሉ ደረቅ ነው፣ ግን ምንም አይጎድለውም፦

«እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 3 ቀን 2022 ጀምሮ እስካሁን በቋሚነት፣ በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራሉ። የሥራ መደባቸው የውኃ አቅርቦት መሐንዲስ ነው። ዋና ተግባራቸው የ14 ጥልቅ ጉድጓዶችን ፓምፖች የጥገና መርሐ ግብር ማውጣት፣ የሁለት ቴክኒሻኖችን ሥራ መምራትና የብልሽት መዝገብ መያዝ ነው።»

ከሥር ስም፣ የሥራ ኃላፊነት፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ቀን እና የመሥሪያ ቤቱ ስልክና ኢሜይል ይኖራል። «የሁለት ቴክኒሻኖችን ሥራ መምራት» የምትለዋ ሐረግ ትንሽ ትመስላለች፤ ቼቭኒንግም የስዊድኑም የመሪነት ልምድ ማየት ስለሚፈልጉ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ውድ ሐረግ እሷ ናት። የስዊድን ኢንስቲትዩት ደግሞ ልምድ የሚመሰከርበት የራሱ ቅጽ ስላለው፣ ደብዳቤዎ ምንም ያህል ቢያምር በዚያ ቅጽ ላይ ካልተሞላና ካልታተመበት አይረዳዎትም።

ከአንድ ሥራ ሲለቁ ደብዳቤውን በለቀቁበት ሳምንት ይውሰዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለሱ አለቃዎ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ድርጅቱ ስሙን ቀይሯል፣ ፕሮጀክቱም ተዘግቷል። የውል ስምምነትና የደመወዝ ማስረጃ መያዝም አይከፋም፤ ደብዳቤው ካጠራጠረ የሚያድነው እሱ ነው።

ድርሰቱ ላይ የሚታየው ልዩነት

በልምድ የሚገኘው ሌላው ጥቅም በቁጥር አይለካም፤ ድርሰቱ ላይ ግን በግልጽ ይታያል። አዲስ ተመራቂ «ለምን ይህን ማስተርስ መረጡ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «የንጹሕ ውኃ እጥረት ትልቅ ችግር ስለሆነ ለመፍትሔው የበኩሌን ለማድረግ» የሚል ነው። ውሸት አይደለም። ግን አንድ ገምጋሚ በቀን ውስጥ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ያነበዋል።

ሃያ ወር የሠራችው መሐንዲስ ይህን ልትጽፍ ትችላለች፦ «ከምንጠግናቸው 14 ፓምፖች አምስቱ ከተተከሉ በዓመት ውስጥ ተቃጥለዋል። መዝገቡን ስናገላብጥ አምስቱም የተገዙት የጉድጓዱ የውኃ መጠን ሳይለካ፣ በግምት ነው። የውኃው ከፍታ በበጋ ሲወርድ ፓምፑ ያለ ውኃ ይሽከረከራል። በዚህ ማስተርስ ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ ሞዴሊንግ የሚለውን ኮርስ የምፈልገው ለዚህ ነው።» ችግሩ፣ ምክንያቱና ኮርሱ በአንድ ክር ተያይዘዋል። ይህን ቁጭ ብሎ መፍጠር ያስቸግራል፤ መዝገቡን ያገላበጠ ሰው ግን ሳይጨነቅ ይጽፈዋል።

ስለዚህ ሥራ ሲመርጡ ከደመወዙ ጎን «እዚህ ቦታ በሁለት ዓመት ውስጥ የራሴ የምለው ምን ችግር በእጄ ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ከሙያው ውጭ የሆነ ሥራ ሰዓት ይሞላ ይሆናል፤ ኢፖስ ከሚመርጡት ትምህርት ጋር የተያያዘ ልምድ ስለሚፈልግ ግን እዚያ ብዙም አይጠቅምም። በሙያዎ ሥራ ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ፣ ከሙያ ውጭ ሁለት ዓመት ከመቆየት ይልቅ ቀጥሎ የምናየው፣ ወዲያው የመሄድ መንገድ ሊሻል ይችላል።

ወዲያው መሄድ የሚያዋጣው ለማን ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ ለተመራማሪነት ለሚያስቡ። በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በመሠረታዊ ባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ መንገዱ ማስተርስ፣ ዶክትሬት፣ ከዚያ ምርምር ከሆነ፣ አገር ቤት በቢሮ የሚያሳልፉት ሦስት ዓመት ለመግቢያ ኮሚቴው ብዙ ነገር አይነግረውም፤ በአንጻሩ ስሌቱ ይረሳል። ልምዱ በቤተ ሙከራ ወይም በምርምር ረዳትነት ከሆነ ብቻ ነው የሚቆጠረው። በዚህ መስክ ያሉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አለባቸው፦ በአሜሪካ ብዙ የዶክትሬት ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን በቀጥታ ይቀበላሉ፣ የትምህርት ክፍያውን ትተው የወር ድጎማም ይሰጣሉ። በአውሮፓ ግን ዶክትሬት በአብዛኛው ማስተርስ ይጠይቃል። ማስተርስ ከኪስ ከፍሎ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት «በቀጥታ ለዶክትሬት ባመለክትስ?» ያላለ ሰው ያለ ምክንያት ብዙ ሊከፍል ይችላል።

ሁለተኛው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ ሲሆን በቢያንስ ሁለት አገሮች የሚማሩበት፣ የትምህርት ክፍያን የሚሸፍንና በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር የሚሰጥ ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞቹ የሥራ ልምድን ግዴታ አያደርጉም፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ነው። ስለዚህ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሳሉ ማመልከቱ የሚያስወጣው ጊዜ ብቻ ነው፤ ባይሳካ ሥራዎን ይጀምራሉ፣ ሰዓትዎም መሙላት ይጀምራል። «ልሂድ ወይስ ልሥራ» የሚለው ጥያቄ ሁለት ጎራ የሚመስለው ይህን ለማያውቅ ሰው ነው። የመጨረሻ ዓመት ላይ አንድ ጊዜ መሞከር፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ በሁለት ዓመት ተኩል እንደገና መሞከር ይቻላል።

በዚያው የመጨረሻ ዓመት መምህራንን የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ አለብዎት። ትዝታቸው ትኩስ ሳለ የተጻፈ ደብዳቤ እነሱ ዘንድ ፋይሉ ከቀረ፣ በኋላ ቀኑን አድሶ ሁለት መስመር መጨመር ቀላል ነው።

ልምድ የማይጠግነው ነገር

«ውጤቴ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥቂት ሠርቼ ላካክሰው» የሚል ስሌት በብዙዎች ዘንድ አለ። ለአንዳንድ የሙያ ማስተርሶች ይሠራል፤ የአመራር ትምህርት ላይ ለምሳሌ ልምድ ዋናው ነገር ነው። ጀርመን አገር ለሚሰጠው መደበኛ፣ ከመጀመሪያው ዲግሪ ቀጣይ ለሆነው ማስተርስ ግን ብዙም አይሠራም። እዚያ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፦ የኮርሶች ይዘት ይዛመዳል ወይ፣ ውጤቱስ ወደ ጀርመን መለኪያ ሲቀየር ስንት ነው? ቅየራው በዚህ ቀመር ይሠራል፦

```
ውጤት = 1 + 3 × (ከፍተኛ − ያገኙት) ÷ (ከፍተኛ − ማለፊያ)
```

ከፍተኛው 4.0፣ ማለፊያው 2.0 በሆነበት 3.2 ያገኘ ሰው 1 + 3 × 0.8 ÷ 2 = 2.2 ይሆናል። በጀርመን ትንሽ ቁጥር ነው ጥሩ። 2.7 ያለው ደግሞ 2.95 ይወጣለታል። ብዙ ፕሮግራሞች የሚያስቀምጡት ወለል 2.5 ነው፤ ወደ ኋላ ሲቀየር 3.0 ማለት ነው። 2.7 ያለው ሰው አምስት ዓመት ቢሠራ ቁጥሩ 2.95 ሆኖ ይቀራል። ለእሱ የሚሻለው ልምድን የሚመዝኑ ፕሮግራሞችን መፈለግ ወይም ወለል የሌላቸውን ነው። ይህን በአምስተኛው ዓመት ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ቢያሰሉት ይሻላል።

ከኪስ የሚከፍሉ ከሆነ

ከአራቱ ሁሉ ደካማው ጥምረት ያለ ልምድ፣ ከቤተሰብ ገንዘብ ወይም በብድር ወዲያው መሄድ ነው። ምክንያቱ የትምህርቱ ጥራት አይደለም። ችግሩ ከትምህርቱ በኋላ ያለው ጥቂት ወር ነው።

ጀርመንን እንውሰድ። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡት በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ለቪዛ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ የሚጠበቀው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 እየተለቀቀ ለአንድ ዓመት ይሆናል። ማስተርሱ ግን ሁለት ዓመት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲታደስ ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መተዳደሪያ ማሳየት ይመጣል። ብዙዎች «ያኔ እየሠራሁ እሞላዋለሁ» ይላሉ። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ የሚጠቅመው ሥራ በሙያው የሚገኘው የተማሪ ቅጥር ነው፣ እሱን የሚያገኘው ደግሞ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ልምድ የሌለው ወደ መጋዘንና ወጥ ቤት ይሄዳል፤ ፈረቃው ከትምህርቱ ጋር ይጋጫል፣ ፈተና ይዘላል፣ ሁለት ዓመት የተባለው ሦስት ይሆናል፤ ያኔ የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ እንደገና ይጨምራል። የሚታወቅበት ምልክት አለ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከተመዘገቡባቸው ፈተናዎች ከግማሽ በላይ ወደሚቀጥለው ከተላለፉ፣ ስሌቱ መንሸራተት ጀምሯል።

እንግሊዝ ማስተርስ አንድ ዓመት ነው፤ ፈጣን ነው፣ ውድም ነው። እዚያ ወጥመዱ የጊዜ ነው። ሴፕቴምበር ላይ ትምህርት ሲጀመር ትልልቅ ቀጣሪዎች ለሚቀጥለው ዓመት ተመራቂዎች ቅጥር ከፍተዋል። ሻንጣ ሳይፈታ፣ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሥራ ታርሞ ሳይመለስ ማመልከት ያስፈልጋል። ቃለ መጠይቁ ላይ «ቡድን ውስጥ የተፈጠረ ችግር እንዴት እንደፈቱ ይንገሩን» ሲባል ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የሚያነሳው አለው፤ ያልሠራው የቡድን አሳይመንቱን ይተርካል። ከትምህርት በኋላ ሥራ ለመፈለግ የሚሰጠው ፈቃድም እያጠረ ነው፤ እስካሁን ሁለት ዓመት የነበረው፣ ለማስተርስ ተመራቂዎች እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚቀርቡ ማመልከቻዎች 18 ወር ይሆናል።

ከኪስ ለሚከፍል ሰው ስለዚህ ሥራ መቅደም አለበት፤ ለቁጠባው ሳይሆን ከትምህርቱ በኋላ በእጁ የሚይዘው ነገር እንዲኖር።

ሥራ አስቀድመው የሚሰናከሉበት

ሥራ ማስቀደምም የራሱ ወጥመድ አለው። ደመወዝ ይለመዳል፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ እድገት ይመጣል፣ «ይህን ዓመት ልለፈው» ይባላል፣ ሁለተኛው ሰዓት ግን አይቆምም። ቤተሰብም ይመሠረታል። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ግን ምርጫውን ይቀይራል፦ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በኮርስ ማስተርስ ለሚማሩ፣ በመንግሥት ገንዘብ ከሚማሩት ጥቂቶች በስተቀር፣ የትዳር ጓደኛና ልጅ ይዞ መግባትን ከልክላለች። ባለትዳር ሆኖ የሚሄድ ሰው አገሩን ከዩኒቨርሲቲው በፊት መምረጥ ይኖርበታል።

የመመለስ ግዴታውም መታወቅ አለበት። ቼቭኒንግ ያገኘ ሰው ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት፤ በፉልብራይት ስኮላርሽፕ አሜሪካ የሄደም እንደዚሁ የሁለት ዓመት የአገር ቤት ቆይታ ይጠበቅበታል። ሥራውን በጥሩ ሁኔታ ትቶ የሄደ ሰው ይህ ግዴታ አይከብደውም፤ የሚመለስበት ወንበር አለው። ውጭ ለመቅረት ያሰበ ሰው ግን እነዚህን ስኮላርሽፖች ማነጣጠር የለበትም፤ ድርሰቱ ላይ ስለ መመለስ የጻፈውን ራሱ ካላመነበት ቃለ መጠይቁ ላይ ይጋለጣል።

በመጨረሻም የመልቀቂያ ደብዳቤው ጊዜ። ዩኒቨርሲቲው «ተቀብለንዎታል» ሲል አይለቁ፤ ብዙ ጊዜ ያ ቅበላ በቋንቋ ፈተና ወይም በዋናው ዲግሪ ማረጋገጫ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስኮላርሽፑ «ተመርጠዋል» ሲልም ገና ነው፤ የመጨረሻው የሽልማት ደብዳቤ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ፣ ውልዎ የሚጠይቀውን የቅድሚያ ማስታወቂያ ቀን ቆጥረው ይልቀቁ። ቢቻል ደግሞ መልቀቂያ ከማስገባት በፊት ያለ ደመወዝ የትምህርት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ቢከለከሉም ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ከልምድ ደብዳቤው ጋር በአንድ ቀን ይውሰዱት።